ደብዛዛውን ፎቶ «አጠራሁት» አትበሉን

ሰሞኑን ግምጃ ቤት አካባቢ ካለ ቤተ ክርስቲያን የተነሳ የብራና ገጽ በቴሌግራም ሲዞር ነበር። በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሰፍሯል። ፎቶው ከሩቅ የተነሳና ደብዛዛ ስለሆነ የመጨረሻዋ ቁጥር ፮ ትሁን ፯ አትለይም። ከዚያ አንድ ወዳጃችን በፎቶ ማጥሪያ አፕ አሳልፎ ቁልጭ ያለ ፯ ይዞ መጣ። «ይኸው ጠራ፣ ክርክሩ አለቀ!» ተባለ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬም ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊጠቅሰው ተነስቷል።

ኧረ ተው! አፑ እኮ ብራናውን አላየም። ያየው እኛ ያየነውን ያንኑ ደብዛዛ ፎቶ ነው። ሲሠለጥን ካያቸው ምስሎች ተነስቶ «እንዲህ ያለ ግራጫ ነጠብጣብ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ምን ይመስላል?» ብሎ ገመተ፤ ግምቱንም በጠራ መስመር ሳለው። በ2020 እ.ኤ.አ. ፐልስ የተባለ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የባራክ ኦባማን ደብዛዛ ፎቶ ተሰጥቶት የነጭ ሰው ፊት አውጥቶ ነበር። ዓለም የሚያውቀው የኦባማ ፊት እንዲህ ከሆነ፣ ለግዕዝ ቁጥር ምን ዋስትና አለን? ጽሑፉ ላይ «፮ ወይም ፯» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። ፯ ብሎ መቁረጥ ግን ያላነበቡትን አነበብኩ ማለት ነው።

«ስልኬስ ዙም ሳደርግ ያጠራ የለ እንዴ? ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉግል በ2018 እ.ኤ.አ. ፒክስል 3 ላይ ያወጣው የዙም ዘዴ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። አንዴ ስትጫኑ ካሜራው ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ ያነሳና አንድ ላይ ያዋህዳል። እጃችን ደግሞ መቼም አይረጋም፤ በየፎቶው መካከል ምስሉ ከአንድ ፒክሰል ባነሰ መጠን ይንሸራተታል። ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ፒክሰል የሚመዘግበው በላዩ ያረፈውን ብርሃን አማካይ ብቻ ነው። ባዶ ብራና 100፣ ቀለም ደግሞ 0 ይሁን። የቁጥሯ ጭረት የፒክሰል ግማሽ ስፋት ቢኖራት፣ ያረፈችበት ፒክሰል 50 ይላል። በግራ ግማሹ ብታርፍም 50፣ በቀኝ ግማሹ ብታርፍም 50። ከአንድ ፎቶ ይህን የሚለይ ብልሃት የለም፤ መረጃው የለማ! አሁን እጃችሁ በግማሽ ፒክሰል ተንሸራተተና ሁለተኛ ፎቶ ተነሳ እንበል። የፒክሰሎቹ ድንበር አሁን የድሮውን ፒክሰል መሃል ላይ ይከፍለዋል። ጭረቷ በግራ ከነበረች የግራው አዲስ ፒክሰል 50፣ የቀኙ 100 ይሆናል፤ በቀኝ ከነበረች ይገለበጣል። ሁለቱን ፎቶ አንድ ላይ ስታዩ ጭረቷ የት እንዳለች ታወቀ። እዚህ ውስጥ ግምት የለም፣ ሁሉም ተለክቷል።

ቀለሙም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ፒክሰል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ያያል፤ የቀሩትን ሁለቱን ስልኩ ከጎረቤቶቹ ይገምታል። ምስሉ ሲንሸራተት ግን ቅድም በአረንጓዴ ፒክሰል የታየው ቦታ አሁን በቀይ ይታያል። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ለሚጻፍበት ብራና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ሌንሱ ራሱ ያደበዘዘውን መቶ ፎቶ ቢዋሃድ አይመልሰውም። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይም ይቸገራል፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚጋልበውን ፈረስ እግር ለማዋሃድ ቢሞክር ጥላ ይሆንበታል፤ ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ አንዱን ፎቶ ብቻ ይወስዳል። ብራና ግን አይጋልብም! ደግሞ የዘንድሮ ስልኮች በረጅም ዙም ላይ ሁለቱን መንገድ እየቀላቀሉ ነውና፣ ስልክ አነሳው ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ያንኑ ገጽ ትንሽ ቦታ እየቀየራችሁ ሁለቴ አንሱና ሁለቱንም በዚያው አፕ አሳልፉ። አንዱ ፮ ሌላው ፯ ካወጣ፣ አፑ እየፈጠረ መሆኑ ተያዘ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ካወጡ ግን እውነት ነው ለማለት አይበቃም፣ የሚደጋገም ግምትም አለና።

ግምጃ ቤት ያላችሁ፣ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ እንደገና አንሱልን። ቀረብ በሉ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ አሥር ጊዜ ያህል አንሱ። ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰውና ያገኘነውን ጭረት መንገድ ላይ ያስቀረዋል።