በተኳረፋችሁ ቁጥር «ኦዲት ይደረግ!» ለምትሉ ሸሪኮች

ኧረ ጎበዝ! ነፋስ መውጫም ሁን ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ፣ ሸሪኮች ሲኳረፉ የሚሰማው ያው «ኦዲት ይደረግ!» ነው። ኦዲተሩ ይመጣል፣ ይከፈለዋል፣ ወረቀቱን ሰጥቶ ይሄዳል። ጥሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። የከፈላችሁበት ሥራ የጠየቃችሁትን አይመልስማ!

እንበል ሦስት ሆናችሁ ገብስ ትነግዳላችሁ፤ መጋዘኑን አንዳችሁ ይዟል። በዓመቱ 1,800 ኩንታል ተገዛ፣ 1,640 ተሸጠ። 160 መኖር ሲገባው ቢቆጠር 148 ሆነ። ኩንታሉን 5,000 ብር ብንይዘው የጎደለው 60,000 ብር ነው። ለእናንተ ሽርክና የሚያፈርስ ገንዘብ ነው። ኦዲተሩ ግን የሚመልሰው «መግለጫው በጥቅሉ ከጉልህ ስህተት የጸዳ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ሽያጩ 9 ሚሊዮን ሆኖ የ«ጉልህ»ን ወሰን 1 በመቶ፣ ማለትም 90,000 ብር ላይ ካደረገው፣ ጉድለቱን እያየም ንጹሕ አስተያየት ሊሰጥ ይችላል። ጉድለቱን ለአስተዳደሩ ይነግራል እንጂ። አስተዳዳሪው ማን ነው? መጋዘኑን የያዘው ሰውዬ ከሆነስ?

«እንግዲያው ርካሹን፣ ክለሳውን እናሠራ» የሚሉም አሉ። ክለሳ በዋናነት ጥያቄና የቁጥር ማነጻጸር ነው፤ ውጤቱም «ስህተት ነው የሚያሰኝ ነገር አላጋጠመኝም» የሚል ነው። ኩንታል ወርዶ መቁጠር አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ክለሳም እንደ ኦዲት የማረጋገጥ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ማረጋገጫው ውስን መሆኑ ላይ ነው። አበዳሪ አጠቃላይ መግለጫችሁን ማየት ፈልጎ ኦዲት ካላስገደደ ያዋጣል። ለመጋዘን ጥርጣሬ ግን ምንም አይጠቅም።

ለእናንተ የሚሆነው ሥራውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ የምትስማሙበት ነው፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ አይ ኤስ አር ኤስ 4400 ይባላል። «ኩንታሉን ሁሉ ቁጠር፣ 20ውን መዝን። የግዢና የሽያጭ ደረሰኙን ደምረህ ከቆጠራው ጋር አስተያይ። የዱቤ ደብተሩ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቅ» ትሉታላችሁ። እሱም «148 ቆጠርኩ፣ በደረሰኙ 160 ነው፣ ከዘጠኙ ሁለቱ ከፍለናል አሉ» ብሎ ይጽፋል። አስተያየት የለ፣ ማረጋገጫ የለ። ያገኘውን ብቻ!

ታዲያ ሌባ ይይዛል ብላችሁ አትጠብቁ። ገብስ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ነቀዝና አይጥም አለ፤ 12ቱ ኩንታል የት እንደገባ ወረቀቱ አይነግራችሁም። ያላዘዛችሁትንም አያይም፦ የባንክ ሂሳቡን ካልጻፋችሁ የባንክ ሂሳቡ አልታየም። ሕግ ኦዲት ያስገደደው ድርጅትም በዚህ ወረቀት ኦዲቱን አይተካም።

ስምምነቱን ሦስታችሁም ፈርሙ፣ መጋዘን ያዡም ጭምር። የቆጠራውን ቀን ግን አትቁረጡ፤ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ኦዲተሩ በመረጠው ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ከጎረቤት መጋዘን ኩንታል ተበድሮ የሚያሞላ አይጠፋም።