ደንበኛ ለማፍራት እስከ ስንት ይከፈላል? የደንበኛ የዘመን ዋጋና የአማካይ ስሌት ወጥመድ

በወርኃዊ ወይም በሳምንታዊ ደንበኝነት የሚተዳደር ድርጅት ከሌላው ነጋዴ የሚለየው ወጪውና ገቢው በአንድ ቀን የማይገናኙ በመሆናቸው ነው። አንድን ደንበኛ ለማስገባት ማስታወቂያ ያስነግራል፣ ለሻጭ ኮሚሽን ይከፍላል፣ የመጀመሪያውን ወር በነፃ ወይም በቅናሽ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አስቀድሞ ይወጣል። ገቢው ግን በየወሩ ጥቂት በጥቂት ይመለሳል፤ ደንበኛው ካቋረጠም ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ደንበኛ የማፍሪያ ወጪ ተገቢ መሆን አለመሆኑ ከመጀመሪያው ሽያጭ ሊታወቅ አይችልም። ሚዛኑ ደንበኛው በቆይታው ዘመን ሁሉ የሚያስገኘው ትርፍ፣ ማለትም የደንበኛ የዘመን ዋጋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለት ጎን አለው። የዘመን ዋጋ ከፍ ያለ የማፍሪያ ወጪን በእርግጥ ያጸድቃል፤ ይሁን እንጂ የሚያጸድቀው ተጨማሪው ገንዘብ ያመጣው ደንበኛ የዘመን ዋጋ ብቻ እንጂ የደንበኞች ሁሉ አማካይ አይደለም። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ትክክለኛው መርህ ራሱ ለኪሳራ ሽፋን ይሆናል።

ከፍ ያለ ወጪ የሚጸድቅበት ምክንያት

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ ድርጅት ከእያንዳንዱ ደንበኛ በወር 500 ብር ይቀበላል እንበል። ከዚህ ውስጥ 300 ብሩ አገልግሎቱን ለማቅረብ ይወጣል፤ የሚተርፈው 200 ብር ነው። ስሌቱ መነሣት ያለበት ከዚህ ከ200 ብር እንጂ ከ500 ብር አይደለም፤ ለአገልግሎቱ የወጣ ገንዘብ የማፍሪያ ወጪን ሊተካ አይችልምና። በየወሩ ከመቶ ደንበኞች አምስቱ የሚያቋርጡ ከሆነ፣ የፍልሰት ምጣኔው 5 በመቶ ነው፤ አማካይ ቆይታውም 20 ወር ይሆናል። ነገ የሚገኝ ብር ዛሬ በእጅ ካለው ብር ያነሰ በመሆኑ፣ ለዚህ በወር 2 በመቶ ቢታሰብ፣ የዘመን ዋጋው በሚከተለው ቀላል ቀመር ይገኛል።

የዘመን ዋጋ = ወርኃዊ ትርፍ ÷ (የፍልሰት ምጣኔ + የገንዘብ የጊዜ ዋጋ)

200 ለ0.07 ሲካፈል 2,857 ብር ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ወር ትርፍ ብቻ የሚመለከት ተወዳዳሪ ለአንድ ደንበኛ ከ200 ብር በላይ ለመክፈል አይደፍርም። ዘመኑን የሚያሰላው ግን 1,000 ብር ከፍሎም አትራፊ ነው። ሻጩም ሆነ የማስታወቂያ ቦታው የሚሄደው ወደሚከፍለው በመሆኑ፣ ገበያውን የሚይዘው ሁለተኛው ይሆናል። በመጀመሪያ ሲታይ እንደ አባካኝነት የሚቆጠረው ወጪ ትዕግሥት ያለው ኢንቨስትመንት ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ የፍልሰት ቁጥር የሚበቃ አይደለም

ቀመሩ ቀላል የሆነው ግን ደንበኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ ስለሚነሣ ነው። በእውነቱ ዓለም አንዱ ለመሞከር ይገባል፣ ሌላው ለመቆየት ይገባል። በአንድ ወር የተመዘገቡ 1,000 ደንበኞች ቢኖሩ፣ ግማሾቹ በየወሩ 20 በመቶ፣ ግማሾቹ ደግሞ 2 በመቶ የሚፈልሱ ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው ወር የሚታየው ፍልሰት 11 በመቶ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከጽኑዎቹ ግን 300 ያህሉ አሉ። ስለዚህ ፍልሰቱ ከ2 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። የአንድም ሰው ጠባይ አልተለወጠም፤ አገልግሎቱም አልተሻሻለም። የተለወጠው ወንፊቱ ላይ የቀረው ሕዝብ ነው።

የመጀመሪያውን ወር 11 በመቶ ይዞ የሚያሰላ ሥራ አስኪያጅ የዘመን ዋጋውን 1,500 ብር ገደማ ያገኛል፤ የነባሮቹን ቁጥር የሚይዘው ደግሞ 4,800 ብር ገደማ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ሲሰሉ የሞካሪው ዋጋ 909 ብር፣ የጽኑው 5,000 ብር፣ የሁለቱ አማካይም 2,950 ብር ያህል ነው። የፊተኛው ስሕተት ድርጅቱን ከሚገባው በላይ ቁጥብ ያደርገዋል። የኋለኛው ግን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ለዓመታት ተጣርተው የቀሩ ሰዎችን ጽናት ትናንት በቅናሽ ለገባ እንግዳ ያበድራል። መፍትሔው በአንድ ወር የገቡትን እንደ አንድ ቡድን ይዞ፣ ከእነርሱ ስንቱ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር እንደሚከፍል መከታተል ነው።

የመጨረሻው ብር ምን ገዛ?

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ የተሰወረ ነው። ቀደም ሲል በተሰጠው ምሳሌ ድርጅቱ 1,000,000 ብር አውጥቶ 1,000 ደንበኞችን አፈራ እንበል፤ የእያንዳንዱ ወጪ 1,000 ብር፣ ዋጋውም 2,857 ብር ነው። በውጤቱ ተበረታቶ ወጪውን ወደ 2,000,000 ብር ቢያሳድግና ደንበኞቹ 1,400 ቢሆኑ፣ አማካይ ወጪው 1,429 ብር ይሆናል። አዲሶቹ 400 በቅናሽ ተስበው የመጡ ስለሆኑ በወር 10 በመቶ ይፈልሳሉ ቢባልም፣ የሁሉም አማካይ የዘመን ዋጋ 2,517 ብር ነው። ዋጋው ከወጪው በ1.76 እጥፍ ይበልጣልና ሪፖርቱን የሚያነብ ሁሉ ደስ ይለዋል።

ጭማሪው ለብቻው ሲታይ ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል። ሁለተኛው ሚሊዮን የገዛው 400 ሰዎችን በመሆኑ የእያንዳንዳቸው ወጪ 2,500 ብር ነው፤ የዘመን ዋጋቸው ግን 1,667 ብር ብቻ ነው። በእያንዳንዳቸው 833 ብር፣ በድምሩ ከ333,000 ብር በላይ ይጠፋል። የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ባይታሰብ እንኳ ከአንዱ የሚገኘው ጠቅላላ ትርፍ 2,000 ብር ስለሆነ፣ ወጪው ለዘላለሙ አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ትርፍ የኋለኞቹን ኪሳራ ሸፍኖታል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ውሳኔው መመዘን የነበረበት በኅዳጋዊ ወጪ ሲሆን የተመዘነው በአማካይ ወጪ ነው።

ብሉ ኤፕረን የሰጠው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ብሉ ኤፕረን ለአንድ ማዕድ የሚበቃ የተመጠነ የምግብ ግብዓት ከአሠራር መመሪያው ጋር በሣጥን አሽጎ በየሳምንቱ ወደ ደንበኞች ቤት የሚልክ ድርጅት ነበር። በ2017 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ከ2014 ጀምሮ የነበረው ደንበኛ የማፍሪያ ወጪ በአማካይ 94 ዶላር መሆኑን ገለጸ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። የሦስት ዓመት ከሩብ አማካይ ግን ገበያው ገና ያልተነካ በነበረበት ዘመን የገቡትን ከመጨረሻዎቹ ጋር ቀላቅሎ የያዘ ነበር።

ከዚያው ሰነድ ሌላ ንጽጽር ማውጣት ይቻላል። በ2017 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ለገበያ ልማት የወጣው 60.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ሩብ ዓመት ያዘዙ ደንበኞች ቁጥር ካለፈው ሩብ ዓመት 879,000 ወደ 1,036,000 ከፍ አለ። የተጣራው ጭማሪ 157,000 ስለሆነ፣ ለአንድ የተጣራ ተጨማሪ ደንበኛ 386 ዶላር ገደማ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከ94 ዶላሩ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ከአዲሶቹ ብዙዎቹ የገቡት የፈለሱትን ለመተካት ነውና። ይሁን እንጂ የልዩነቱ ስፋት ማስታወቂያው የሚሞላው ቀዳዳ ያለበትን እንስራ መሆኑን ያሳያል። የደንበኛ ዋጋ ጥናት ምሁር የሆኑት ዳንኤል ማካርቲም በዚያው ሰሞን በይፋ ከወጡት ቁጥሮች ተነሥተው፣ ከደንበኞቹ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ እንደሚፈልሱ ገመቱ።

ማረጋገጫው ብዙ አልዘገየም። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ድርጅቱ የገበያ ልማት ወጪውን ወደ 34.5 ሚሊዮን ዶላር ሲቀንስ ደንበኞቹ ወደ 943,000 ወረዱ፤ በዓመቱ መጨረሻም 746,000 ነበሩ። አማዞን ሆል ፉድስን ለመግዛት መነሣቱና በአዲሱ የማሸጊያ ማእከል የታየው ችግርም ጫና ስላሳደሩ፣ ውድቀቱን ሁሉ በማፍሪያ ወጪ ላይ መደፍደፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ወጪው በተቀነሰበት ቅጽበት ደንበኞች መሟጠጣቸው ግን የተገዛው ዘመን ሳይሆን ጥቂት ሳምንት እንደነበር ይመሰክራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የማፍሪያ ወጪን በጭፍን መቁረጥ አይደለም። 5,000 ብር የሚያስገኝ ደንበኛን በ2,000 ብር ለማግኘት ማመንታት በ909 ብር ደንበኛ ላይ ያንኑ ገንዘብ የማፍሰስ ያህል ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው ሁለቱን መለየት ነው። ለዚህም ድርጅቱ ወጪውንና ቆይታውን ደንበኛው በመጣበት መንገድ ለይቶ መመዝገብ፣ በጀት በጨመረ ቁጥር ጭማሪው ያመጣቸውን ሰዎች ለብቻቸው መቁጠርና ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስ ማስላት አለበት። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ብድር ውድና የዋጋ ንረት ከፍተኛ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ ገበያ ይከብዳል። በምሳሌው 1,000 ብር የወጣበት ደንበኛ ፍልሰቱ ታስቦ በስድስተኛው ወር ወጪውን ይመልሳል፤ ከዚያ ይልቅ ሁለት ዓመት የሚያስጠብቅ ደንበኛ በወረቀት አትራፊ ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ላይኖር ይችላል።

የዘመን ዋጋ እንግዲህ ለወጪ ጣሪያ ይሰጣል፤ ጣሪያው ግን ለሁሉም ደንበኛ እኩል ቁመት የለውም። ከፍ ያለ ወጪን ለማጽደቅ ስሌቱን የሚያቀርብ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ የተሰላው ዘመን የማን ነው፤ ቀድሞ የገባው ነው ወይስ አሁን የሚገዛው?