የጌዴኦ ጫካ በ4ኬ ሲወጣ ቅጠሉ የት ገባ?

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ኮረብታ ለሠርግ ቪዲዮ በድሮን የቀረጸ ባለሙያ አንድ ነገር ሊያስረዳን ይገባል። ካሜራው ላይ ጥርት ብሎ የነበረው እንሰት፣ ቡናና ከበላያቸው የቆመው ረጅም ዛፍ፣ ኤክስፖርት ተደርጎ ለሠርገኞቹ ሲሰጥ ለምን ድፍርስ ይላል? «በ4ኬ ነው የወጣው» የሚለው መልስስ እስከ መቼ ያግባባናል?

4ኬ የሚነግረን የፒክስሉን ብዛት ነው፤ 3840 በ2160፣ በአንድ ፍሬም 8.3 ሚሊዮን ያህል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን 207 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። ታዲያ ይህን ሁሉ ፒክስል ለመግለጽ ስንት ቢት ተመደበለት? ደንበኛው ይህን አይጠይቅም፤ ብዙ ኤዲተርም አይነግረውም።

የአንድ ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ እንውሰድ። ደንበኛው ቴሌቪዥኑ ላይ በፍላሽ ሊያየው ይፈልጋል። ፍላሹ በ FAT32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤዲተሩ ምን ያደርጋል? 4ኬውን እንዳለ ይተውና ፋይሉ 4 ጊጋባይት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቢትሬቱን ይቀንሳል። 4 ጊጋባይት ለ3600 ሰከንድ ሲካፈል፣ ድምፁን ሳንቆጥር፣ በሰከንድ 9.5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሳል። ለ22 ፒክስል አንድ ቢት ብቻ ማለት ነው። ያው ቪዲዮ በ1080 ቢወጣ ግን አንድ ቢት ለአምስት ተኩል ፒክስል ያህል ይደርስ ነበር። ለአንድ ጀበና የተለካን ቡና በአራት ጀበና ውኃ አፍልቶ «በዛ» ማለት ቡናውን ማሳነስ አይደለምን? ዩቲዩብ ራሱ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው የ4ኬ ቪዲዮ ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት፣ ለ1080 ደግሞ 8 ሜጋቢት ተጠቅማችሁ ጫኑ ይላል።

ለምን ጫካው ላይ ባሰ? ቢት ሲያንሰው ኮዴኩ ምስሉን በትንንሽ ብሎክ ከፋፍሎ ከእያንዳንዱ ውስጥ ጥቃቅኑን ዝርዝር ቀድሞ ይጥላል። ሰማዩና የቤቱ ግድግዳ ጥቃቅን ዝርዝር ስለሌላቸው ብዙም አይጎዱም። ቅጠል ግን ሁለመናው ጥቃቅን ዝርዝር ነው። ኮዴክ ቢት የሚቆጥበው ያለፈውን ፍሬም ቁራጭ አንሥቶ በአዲሱ ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ ግን እያንዳንዱ ቅጠል በየራሱ አቅጣጫ ስለሚወዛወዝ የሚነሣ ቁራጭ አይገኝም። ስለዚህ ሰፊው የእንሰት ቅጠል ቅርጹን ይዞ መስመሮቹን ያጣል፤ ከላዩ ያለው ዛፍ ደግሞ አንድ ወጥ አረንጓዴ ይሆናል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ተደራራቢ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ እርሻ ጭምር ነው። የዚህን ቦታ ቪዲዮ ቅጠሉን አጥፍቶ ማስረከብ ቦታውን አለማሳየት ነው።

«ካሜራው ነው» የሚል ካለስ? ማረጋገጫው ቀላል ነው። የካሜራውን ዋና ፋይልና ኤክስፖርቱን በአንድ ስክሪን ላይ ከፍቶ አንዱን ፍሬም ማቆምና ዛፉን አጉልቶ ማየት። ዋናው ጥርት ብሎ ኤክስፖርቱ ከደፈረሰ ካሜራው ነጻ ነው። MediaInfo በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ሲከፍቱት Bit rate በሚለው መስመር ቁጥሩ ይታያል። ዋናው ራሱ ደፍርሶ ከሆነ ግን ምንም ቢትሬት አያድነውም፤ አንዴ የተጣለ ዝርዝር አይመለስም። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ተልኮ የመጣ ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ እንደ ፋይል ካልተላከ መንገድ ላይ እንደገና ተጨምቋል።

ኮዴክ መቀየሩስ? በ2003 የወጣው ኤች.264 የሚሰጠውን ጥራት በ2013 የወጣው ኤች.265 በግማሽ ያህል ቢትሬት ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም በ9.5 ሜጋቢት የወጣ የኤች.265 ፋይል በኤች.264 ሂሳብ 19 ያህል ቢሆን ነው፤ ለ4ኬ ጫካ አሁንም ያንሳል። በዚያ ላይ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይከፍተው ይችላል። ሳይሞክሩ ማስረከብ ለምን?

ያለው ምርጫ ግልጽ ነው። 4ኬ ከሆነ ቪዲዮው በአራትና አምስት ፋይል ተከፍሎ፣ ወይም ቴሌቪዥኑ የሚያነበው ከሆነ በ exFAT ፍላሽ ላይ፣ በሰከንድ ከ35 ሜጋቢት ባላነሰ ይውጣ። ይህ ካልተቻለ በ1080 ይውጣ፤ ኤክስፖርት ገጹ ላይም VBR, 2 pass ይመረጥ፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ቪዲዮውን አይቶ ከንግግሩ ቆጥቦ ለጫካው ቢት ይጨምራልና። በ9.5 ሜጋቢት የወጣ 1080 በዚያው ቢትሬት ከወጣ 4ኬ ይልቅ ቅጠል ያሳያል።

ደንበኞችም ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት «ስንት ኬ ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «በሰከንድ ስንት ሜጋቢት ነው?» በሉ፤ ዋናውንም ፋይል እንደገና ሳይጨመቅ በሃርድ ዲስክ ተረከቡ።