«ኦቲፒውን ራስዎ ነዎት ያስገቡት!» የሚሉን ባንኮች ማንን ነው የሚያሞኙት?

ቃሊቲ ሲባል ለጋዜጣ አንባቢ ቶሎ ትዝ የሚለው ወህኒ ቤቱ ነው። እዚህ ለምንኖረው ግን ቃሊቲ ጋራዥ ነው፣ መጋዘን ነው፣ ጉምሩክ ነው። የኔም ኑሮ ከነዚህ ከአንዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን የመኪና ጉዳይ ሳይሆን የባንክ ጉዳይ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ መመሪያውን ከለወጠ ወዲህ፣ ከውጭ ዘመድ በሚልክለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍቶ የቪዛ ካርድ የያዘ ሰው እየበዛ ነው። እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም የናፍጣ ኖዝል መሞከሪያ ፓምፕ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በ286 ዶላር ገዛሁ። «እስከ ኅዳር 5 ይደርሳል» የሚል ማረጋገጫ በኢሜይል ላከልኝ። ኅዳር 5 መጣ፤ ፓምፑ ግን አልመጣም።

ሻጩን ጠየቅኩት። «ሁለት ሳምንት ይታገሱን» አለ። ታገስኩ። ቀጥሎ የጭነት መከታተያ ቁጥር ላከ። ቁጥሩን በመላኪያው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ሳስገባ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ዕቃው እኔ ገንዘብ ከመክፈሌ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ከሌላ አገር ከተማ ደርሶ ተረክቧል ይላል! የሌላ ሰው ዕቃ ቁጥር ነው የሰጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀኑንና ከተማውን ይሁን፤ ሌባው የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ባንኩ ሄድኩ። (ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።) ኅዳር 20 ቀን መስኮት ላይ ያለው ልጅ በትህትና፦

«ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ የመጣውን ኦቲፒ እኮ ራስዎ ነዎት ያስገቡት። ስለዚህ ባንኩ አይጠየቅም» አለኝ።

ጎበዝ፣ እኔ መቼ ተሰረቅኩ አልኩ? ከፋዩ እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ያልኩት «ዕቃው አልደረሰኝም» ነው። እነዚህ ሁለቱ በቪዛ ሕግ ጨርሶ የተለያዩ አቤቱታዎች ናቸው። የማጭበርበር አቤቱታ፣ ማለትም «ግዢውን የፈጸምኩት እኔ አይደለሁም» የሚለው፣ በ10 ቁጥር በሚጀምር ምድብ ይመዘገባል። በዚህ ላይ ኦቲፒው በእርግጥ ዋጋ አለው፤ ካርዱን የያዘው ሰው ራሱ መፍቀዱን ስለሚያሳይ ሻጩን ይከላከልለታል። «ዕቃው አልደረሰም» የሚለው ግን በ13.1 ነው የሚገባው። እዚህ ላይ ማን ከፈለ ተብሎ አይጠየቅም፤ ዕቃው ደረሰ ወይስ አልደረሰም ነው ጥያቄው። ኦቲፒ ለዕቃ መድረስ ማስረጃ የሚሆነው በየትኛው ችሎት ነው?

በታኅሣሥ ተመልሼ ስሄድ «ፖሊስ ዘንድ ሄደው ያመልክቱ» ተባልኩ። ባሕር ማዶ ያለን ሻጭ የቃሊቲ ፖሊስ ምን ያደርገዋል? አንድ ሌላ ሠራተኛ ብቻ ቁም ነገር ተናገረ። «ምናልባት ዕቃው ጉምሩክ ተይዞ እንዳይሆን» አለኝ። ይኼ ልክ ነው፤ ዕቃው በገዢው አገር ጉምሩክ ከተያዘ የቪዛ ሕግ አቤቱታውን አይቀበልም። ስለዚህ ሄጄ ፖስታ ቤቱንም ጉምሩኩንም ጠየቅኩ። በስሜ የገባ ምንም ነገር የለም።

የካቲት 11 ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ቀረብኩ። አሁንማ ልጁ ኮምፒዩተሩን አየት አድርጎ፦

«ጋሼ፣ 120 ቀን አልፎታል» አይለኝም!

ወይ ጉድ! መጀመሪያ በኅዳር ስመጣ በኦቲፒ መለሱኝ፤ በታኅሣሥ ስመጣ በፖሊስ መለሱኝ፤ በየካቲት ስመጣ ደግሞ ዘገየህ አሉኝ። ጊዜውን የበላው ማን ሆነና! ግን በቁጥሩም አላመንኩም። አንዱ የዘመድ ልጅ ውጭ አገር ባንክ ውስጥ ይሠራል፤ ደወልኩለት። 120ው ቀን መኖሩ እውነት ነው። የሚቆጠረው ግን ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን ነው እንጂ ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን አይደለም። በኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ በጣት ይወጣል። ከጥቅምት 5 ከተቆጠረ የካቲት 5 ላይ ያልቃል። ከኅዳር 5 ከተቆጠረ ግን እስከ መጋቢት 5 ይሄዳል። ገና 24 ቀን ነበረኝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በቃል መነጋገር ተውኩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግዢው የተፈጸመበት ቀን፣ የገንዘቡ መጠን፣ የተገዛው ዕቃ፣ ይደርሳል የተባለበት ቀን፣ ሻጩን የጠየቅኩባቸው ቀኖች፣ መጨረሻ ላይ «ዕቃው አልደረሰኝም፤ አቤቱታዬ በ13.1 ይቅረብልኝ»። የሻጩን ማረጋገጫ፣ የተጻጻፍነውን በሙሉ፣ የዚያን የውሸት መከታተያ ቁጥር ገጽና የሂሳብ መግለጫዬን አያያዝኩ። ቅርንጫፉ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን እንዲያደርግልኝ አጥብቄ ጠየቅኩ፤ እያጉረመረሙ አደረጉ። ግልባጭ ላይ ቀን ከተመታ በኋላ «አልመጣህም» ማለት አይቻልም።

ዋናው መሥሪያ ቤት መጋቢት 1 ቀን ላከው። ከዚያ ወዲህ መልስ የሚጠየቀው የሻጩ ባንክ ነው፤ 30 ቀን አለው፤ ዕቃው ለገዢው ወይም በተስማሙበት ቦታ መድረሱን በማስረጃ ማሳየት አለበት። የኔው ሻጭ ምን ያሳይ? ዝም አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 286 ዶላሬ ወደ ሂሳቤ ተመለሰ።

«ታዲያ ገንዘብህን አግኝተህ ምን ትጮሃለህ?» የሚለኝ ይኖራል። የምጮኸው ስለ ጎረቤቴ ነው። እሱም እንደኔው ገዝቶ አልደረሰውም፤ እዚያው መስኮት ሄደ። በኦቲፒ መለሱት። ሠፈር ውስጥ «እኔ አልገዛሁም፤ ካርዴ ተሰርቋል በል» ብሎ የመከረው አዋቂ ነኝ ባይ ተገኘ፤ እሱም እንደዚያው ብሎ ፈረመ። ካርዱ ተዘጋ፤ አቤቱታው በማጭበርበር ምድብ ገባ፤ ኦቲፒው ደግሞ እዚህ ላይ ይሠራልና ወደቀ። እውነቱን ቢናገር ኖሮ የሚያሸንፈውን ነገር በውሸት ተሸነፈ። እውነቱ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ የነገረው ግን ማን ነበር?

የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። የቪዛ ሕግ በባንኮች መካከል ያለ ሕግ ነው። እኔና እናንተ የቪዛን በር ሄደን አናንኳኳም፤ የኛ ባንክ ካላቀረበልን አቤቱታው እዚያው መስኮት ላይ ይሞታል። እንግሊዞች በሐምሌ 1966 ዓ.ም፣ እኛ ጃንሆይን ለማውረድ ስንራኮት በነበረበት ወር፣ ዛሬ ከ100 እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ዋጋ ላለው በክሬዲት ካርድ የተገዛ ዕቃ አበዳሪው ከሻጩ እኩል ይጠየቃል የሚል አንቀጽ ያለበትን ሕግ አወጡ። እዚያ ባንኩ አይለመንም፤ ይጠየቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የገንዘብ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው መኖሩ መልካም፤ የኛ ቅርንጫፍ ግን መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ 10ንና 13ን እንዲለይ እንኳ አላስተማረውም። ልጁን አልወቅስም፤ ያልተማረውን ከየት ያምጣው? ካርዱን ሲሸጡልን ከሃያ ጊዜ በላይ በስልክ መልእክት የነዘነዙን አለቆቹ ግን 120 ቀን የሚል ነገር መኖሩን አንድም ቀን አልነገሩንም።

በቴሌግራም ላይ በግል ሂሳብ ገንዘብ አስተላልፎ ጫማ የሚጠብቀውማ ጉዳዩ ከዚህም የባሰ ነው። ያ የካርድ ክፍያ ስላልሆነ 13.1 የለውም፤ የተላለፈው እንደ ተላለፈ ነው። የሱን ነገር ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ቅርንጫፍ ሄጄ ለጎረቤቶቼ የማድል የአቤቱታ ቅጽ ባዶውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ልጁ መሳቢያውን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ወደ ኋላ ሄዶ አንዱን ጠየቀ፤ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ቅጹ እኛ ጋ የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው።»