ለሚያረፍድ ባለሙያ አሽሙር አይበጅም

ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ሬይነር ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እናስብ። ወጥ ሠሪዋ እጇ ይጣፍጣል፤ ግን ታረፍዳለች። አለቃዋ ሰው ፊት «ደህና ዋልሽ?» ብላ ብታሽሟጥጣት መተማመናቸው ይሻክራል። ይልቅ ሥራ ሲያልቅ ለብቻቸው ቁጭ ብለው እንዲህ ትበላት፦ «እህቴ፣ ማክሰኞ 25፣ ሐሙስ 40 ደቂቃ አርፍደሻል፤ ሽንኩርቱን ጓደኛሽ ብቻዋን አቁላላች። ምን ገጠመሽ?» ሙያዋን ማወደሱ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ከወቀሳ ጋር ሲቀላቀል ማባበያ ይመስላል። ምክንያቱ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ከሆነ መግቢያ ሰዓቷን በግማሽ ሰዓት መግፋት ይቻላል፤ የ7 ቁጥር አውቶቡስ መዘግየት ከሆነ ግን ቀድሞ መነሳት የእሷ ድርሻ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አብረው ይገምግሙት። ካልተስተካከለ የጠዋቱ ተራ ለሌላ እንደሚሰጥም ዛሬውኑ ትስማ፤ መተማመንን የሚያፈርሰው ሳይነገር የመጣ ቅጣት ነው።