ከምስሉ አንድ ክፍል ብቻ ሲለወጥ፦ በከፊል የተቀነባበረ ፎቶግራፍ እንዴት ይለያል?

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2024 መጨረሻ ላይ በአውስትራሊያ የሚገኘው የናይን ኒውስ የሜልቦርን የዜና ክፍል ስለ ዳክዬ አደን ባሰራጨው ዘገባ የቪክቶሪያ ግዛት የላይኛው ምክር ቤት አባል የሆኑትን የጆርጂ ፐርሴልን ፎቶግራፍ ተጠቅሞ ነበር። በምስሉ ላይ የሚታየው ፊት የእርሳቸው ነው፤ አቋማቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው ከአንገታቸው በታች ያለው ክፍል ነው። በዋናው ፎቶግራፍ ላይ አንድ ወጥ ቀሚስ የለበሱት የምክር ቤት አባል በቴሌቪዥን የታዩት ሆዳቸውን በሚያጋልጥ ባለ ሁለት ክፍል ልብስ ሲሆን፣ ደረታቸውም ከዋናው ይልቅ ጎልቶ እንዲታይ ተደርጓል። ፐርሴል ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው በማኅበራዊ ገጻቸው ይፋ ካደረጉ በኋላ የጣቢያው የዜና ዳይሬክተር ይቅርታ ጠይቀዋል። በማብራሪያቸውም ምስሉ ከበይነ መረብ ተወስዶ መጠኑ ሲስተካከል የፎቶሾፕ አውቶማቲክ አሠራር ከዋናው የተለየ ምስል እንደፈጠረ ገልጸዋል። የፎቶሾፕ ባለቤት የሆነው አዶቢ ኩባንያ በበኩሉ እንዲህ ያለው ለውጥ ያለ ሰው ተሳትፎና ፈቃድ ሊፈጸም እንደማይችል አስታውቋል።

ይህ ክስተት በከፊል የተቀነባበረ ምስል ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተፈጠረ ምስል በምን እንደሚለይ በግልጽ ያሳያል። አንድን ፎቶግራፍ የሚያጣራ ሰው ዘወትር የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ የሚታየው ሰው እውነተኛ ነውን? ቦታው የተባለው ቦታ ነውን? ድርጊቱ በእርግጥ ተፈጽሟልን? በከፊል በተቀነባበረ ምስል ግን የእነዚህ ሁሉ መልስ «አዎን» ሊሆን ይችላል። ያልተነካው ሰፊ ክፍል እውነት መሆኑ ለተለወጠው ጠባብ ክፍል ምስክር ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ «ይህ ምስል እውነት ነውን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። መጠየቅ ያለበት «ከዚህ ምስል ውስጥ ከካሜራው ያልመጣው የትኛው ክፍል ነው?» ተብሎ ነው።

ለውጡ የሚፈጸምበት መንገድ

አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው በምስሉ ላይ አንድ ቦታ ይከልላል፤ ከዚያም በቦታው እንዲተካ የሚፈልገውን በጽሑፍ ያዝዛል፤ ወይም ምንም ሳይጽፍ ቦታው በአካባቢው መልክ እንዲሞላ ያደርጋል። ፕሮግራሙ በዙሪያው ያለውን ቀለም፣ የብርሃን አቅጣጫና የመስመሮች አካሄድ ተመልክቶ ለተከለለው ቦታ አዲስ ፒክስሎችን ያመነጫል። አዶቢ ይህን አገልግሎት «ጀነሬቲቭ ፊል» በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በሙከራ ደረጃ ወደ ፎቶሾፕ አስገብቷል። ዛሬ ተመሳሳይ አገልግሎት በበርካታ የእጅ ስልኮች ላይ ይገኛል።

ቀድሞ ከሌላ ፎቶግራፍ ተቆርጦ የተለጠፈ አካል በጠርዙ ሻካራነት፣ ከአካባቢው ጋር በማይገጥም ጥላ ወይም ቀለም ይጋለጥ ነበር። አዲሱ አሠራር ግን ክፍተቱን የሚሞላው ከአካባቢው ጋር እንዲስማማ አድርጎ ስለሆነ ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ከዚህም በላይ መዘንጋት የሌለበት ለውጥ ማለት መጨመር ብቻ አለመሆኑ ነው። ከምስሉ አንድ ሰው፣ አንድ ተሽከርካሪ ወይም አንድ ጽሑፍ ጠፍቶ ቦታው በግድግዳ ወይም በሣር ቢሞላ፣ ተመልካቹ የሚያየው ምንም የማያጠራጥር ግድግዳ ወይም ሣር ብቻ ነው።

የአውቶማቲክ መለያዎች ውሱንነት

ብዙዎች አጠራጣሪ ምስል ሲያጋጥማቸው ወደ አውቶማቲክ መለያ ድረ ገጾች ያመራሉ። እነዚህ መለያዎች ብዙውን ጊዜ ለመላው ምስል አንድ የመቶኛ ውጤት ይሰጣሉ። ችግሩ በቀላል ስሌት ይታያል። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ፒክስሎች አሉት። የተለወጠው ክፍል 400 በ300 ፒክስል ቢሆን 120 ሺህ ፒክስል ነው፤ ይህም ከመላው ምስል 1 በመቶ ብቻ ነው። በርካታ መለያዎች ደግሞ ምስሉን ከመመርመራቸው በፊት ወደ 224 በ224 ፒክስል ያሳንሱታል። በዚህ ጊዜ የተለወጠው ክፍል በግምት 22 በ22 ፒክስል የሆነች ነጥብ ትሆናለች፤ በውስጧ የነበረው ረቂቅ ምልክትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት መለያ «ምስሉ እውነተኛ ነው» የሚል ውጤት መገኘቱ አብዛኛው ክፍል ከካሜራ መምጣቱን ሊያመለክት ቢችልም፣ ምስሉ በአንድ በኩል አለመነካቱን አያረጋግጥም።

ዋናውን ማግኘት

ከሁሉም የሚልቀው ማስረጃ ዋናው ፎቶግራፍ ነው። የፐርሴል ጉዳይ በፍጥነት የተቋጨው ዋናው ምስል ቀድሞ ታትሞ ስለነበረ ነው። በምስል ፍለጋ ዋናውን ለማግኘት ሲሞከር መላውን ምስል ብቻ ማስገባት አይበቃም፤ ያልተነካ የሚመስለውን ክፍል፣ ለምሳሌ የጀርባውን ሕንፃ፣ ቆርጦ ለብቻው መፈለግ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ከሚገኙት ቅጂዎች መካከል መጠኑ ትልቁ፣ ክፈፉ ሰፊውና ቀድሞ የታተመው ይመረጣል።

ቀጥሎ ሁለቱ ምስሎች በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ፤ መጠናቸውና አቀማመጣቸው እስኪገጥም ይስተካከላሉ። ከዚያም የአንዱ ፒክስል ከሌላው ይቀነሳል። አንድ ዓይነት የሆነው ክፍል ጥቁር ይሆናል፤ የተለየው ያበራል። ምስሎቹ በተለያየ ጊዜ ታምቀው ስለሚቀመጡ በመላው ገጽ ላይ የተበታተነ ደካማ ብናኝ መታየቱ የተለመደ ነው። የለውጥ ምልክት የሚሆነው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የልብስ፣ የእጅ ወይም የጽሑፍ ቅርጽ ይዞ የሚያበራው ነው።

ዋናው በማይገኝበት ጊዜ

ዋናው ሁልጊዜ አይገኝም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2024 አሶሼትድ ፕሬስን ጨምሮ ታላላቅ የዜና ወኪሎች ከእንግሊዙ ኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት የተላከላቸውን የዌልስ ልዕልትና የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ከስርጭት አንስተዋል። ምክንያታቸውም የልዕልት ሻርሎት የግራ እጅ ከእጅጌዋ ጋር በትክክል አለመግጠሙ ነበር። በማግሥቱ የዌልስ ልዕልት ፎቶግራፉን ራሳቸው ማስተካከላቸውን ገልጸው ይቅርታ ጠይቀዋል። ወኪሎቹ ለውሳኔ የበቁት ዋናውን ሳያዩ፣ በምስሉ ውስጥ የሚገኘውን አለመጣጣም ብቻ መርምረው ነው።

ይህ ምርመራ እንዴት እንደሚካሄድ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ተሰራጨ እንበል፤ የመዝጊያው ቀንም ተለውጧል የሚል ጥርጣሬ አለ። በመጀመሪያ ምስሉ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ጎልቶ የወረቀቱ ነጭ ክፍል ይታያል። የካሜራ ዳሳሽ በማንኛውም ገጽ ላይ ረቂቅ ቅንጣት ይተዋል፤ ይህም በሙያው «ኖይዝ» ይባላል። በተመሳሳይ ብርሃን ላይ ባለ አንድ ወረቀት ቅንጣቱ በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ መሆን አለበት። በቀኑ ዙሪያ ያለው ወረቀት ብቻ እንደ ተወለወለ ቢለሰልስ፣ ወይም ቅንጣቱ ከሌላው ቢሻክር፣ አንድ ምልክት ተገኘ ማለት ነው። ንጽጽሩ ግን ወረቀትን ከወረቀት፣ ጥላን ከጥላ ጋር መሆን ይኖርበታል፤ ጥላ ያለበት ቦታ በተፈጥሮው ብዙ ቅንጣት ያሳያልና።

ቀጥሎ የእመቃው አሻራ ይመረመራል። የጄፔግ ፋይል ሲቀመጥ ምስሉ 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ይከፈልና የእያንዳንዱ ዝርዝር ይጠጋጋል። ካሜራው አንድ ጊዜ፣ አቀነባባሪው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ፋይሉን ስላስቀመጡት ያልተነካው ክፍል ሁለት ጊዜ ተጠጋግቷል፤ አዲሱ ቀን ግን አንድ ጊዜ ብቻ። የምርመራ መሣሪያዎች ይህን ልዩነት በካርታ መልክ ማሳየት ይችላሉ። ምልክቱ የሚተርፈው ግን የመጨረሻው እመቃ ከመጀመሪያው የላላ ከሆነ ነው፤ የመጨረሻው ከጠነከረ የፊተኛውን አሻራ ይደመስሰዋል።

በመጨረሻ ዓይን የሚያየው ሁሉ ይጤናል። ቁጥሮቹ ከመስመሩ ጋር እኩል ተቀምጠዋልን? የወረቀቱ እጥፋት በቀኑ ላይ ሲያልፍ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? ማኅተሙ ከፊደሉ በላይ ነው ወይስ በታች? ለአማርኛ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ፦ ምስል አመንጪ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደላትን ብዙ ጊዜ አዛብተው፣ ፊደል መሳይ ግን የማይነበብ ቅርጽ አድርገው ያወጧቸዋል። ሆኖም ደካማ ካሜራም ፊደልን ስለሚያደበዝዝ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁኔታዎች

በአብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ምስሉን አንድ ጊዜ እንደገና አምቆ ልዩነቱን በብርሃን መልክ የሚያሳየው ዘዴ በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ ነው። በዚህ ዘዴ ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ፣ ደማቅ ማኅተምና ሹል ጠርዝ ሁሉ ሳይነኩም ያበራሉ። ስለዚህ የቀኑ ማብራት ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ትርጉም የሚኖረው በዚያው ገጽ ላይ ካሉ፣ መጠናቸውና ድምቀታቸው ተመሳሳይ ከሆኑ ሌሎች ቁጥሮች በግልጽ ተለይቶ ሲገኝ ነው።

ሁለተኛው የፋይሉ ጉዞ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ሊቀንስና እንደገና ሊታመቅ ይችላል፤ ስክሪንሾት ደግሞ ፈጽሞ አዲስ ፋይል ነው። በሁለቱም መንገድ ቅንጣቱና የእመቃው አሻራ ይዳከማሉ፤ ከካሜራው የመጣው ሜታዳታም ይጠፋል። ምስሉን መጀመሪያ ያገኘው ሰው በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል ወይም በሰነድ መልክ እንዲልከው መጠየቅ ያለበት ስለዚህ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች በምስሉ ፋይል ላይ የሚያያይዙት የአሠራር ማረጋገጫ መረጃም ሲገኝ ይጠቅማል፤ በስክሪንሾት ስለሚጠፋ ግን አለመኖሩ ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የተነሳ የምርመራው ውጤት የሚገለጽበት ቃል ከማስረጃው ልክ ማለፍ የለበትም። ዋናው ተገኝቶ ልዩነቱ ከታየ «ይህ ክፍል ተለውጧል» ማለት ይቻላል። ዋናው ሳይገኝ እርስ በርስ የማይደጋገፉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምልክቶች በአንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ «በዚህ ክፍል ላይ የለውጥ ምልክት ይታያል» ይባላል። ፋይሉ ተደጋግሞ ታምቆ ምልክት ካልተገኘ ደግሞ ትክክለኛው መግለጫ «ከዚህ ቅጂ ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚለው ነው። በጨረታው ምሳሌ ይህ ሦስተኛው ውጤት ቢገኝ የሚቀረው መንገድ ወደ ሰሌዳው ሄዶ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ወይም ማስታወቂያውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት የመዝጊያ ቀኑን መጠየቅ ይሆናል።