ከመቅበራችሁ በፊት ንገሯት
ሜቱ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከጎሬ የመጣች እናት ኢምፕላኖን ክንዷ ላይ ባስቀበረች በ2ኛው ወር «አውጡልኝ» አለች። ደሙ ትንሽ ትንሽ እያለ 10 ቀን አልፎታል። «በሽታ መስሎኝ ደነገጥኩ» አለችኝ። ማንም አልነገራትማ!

ሆርሞኑ የማህፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው ደም ይንጠባጠባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው፤ መከላከያው አልከሸፈም። እርግዝና አለመኖሩን አይተን፣ ጨጓራ እንደሌለባት ጠይቀን፣ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ5 ቀን ሰጠናት፤ ቀነሰላት። ደሙ ከወር አበባዋ እጥፍ ከሆነ ወይም ሆዷን አጥብቆ ካመማት ግን ትመርመር።

ማስወጣት መብቷ ነው። ግን ከደነገጠች በኋላ የሚመጣ ምክር ማባበያ ነው የሚመስላት፤ ቀድማችሁ ንገሯት።